ሠላሳው ጥያቄ ሠላሳ አንድ ሲሆን፦ በጂኦግራፊ ፈተና ቢጋር ላይ የተነሳ ክርክር

የውይይት ክሩን የከፈተው እዚሁ ጅማ አሥረኛ ክፍል ጂኦግራፊ የሚያስተምር ወጣት መምህር ነው። መለያው «ቆጪ» ስለሆነ እኔም በዚያው ልጥራው። ክሩ እየተጎተተ ረዝሟል፤ ከላይ እስከ ታች የሚያነበው ብዙ ሰው ስለማይኖር ፍሬውን በራሴ አነጋገር ላውራችሁ። አንዳንዱን መልስ በአንድ መስመር አልፈዋለሁ። የሚያስቆመው ላይ ግን እቆያለሁ።

የቆጪ ነገር እንዲህ ነው። የሴሚስተር ማጠቃለያ ፈተና ሊያወጣ ነው። አራት ምዕራፍ አስተምሯል፦ የኢትዮጵያ የመሬት ገጽታ በ8 ክፍለ ጊዜ፣ የአየር ንብረት በ15፣ የተፈጥሮ ሀብት በ12፣ ሕዝብ ደግሞ በ7። ድምሩ 42 ነው። ፈተናው ከ40 ይታረማል። 30ው እያንዳንዱ አንድ ማርክ የሚይዝ የምርጫ ጥያቄ ነው። የቀሩት 10 ማርኮች አምስት አምስት የሚይዙ ሁለት የጽሑፍ ጥያቄዎች ናቸው።

የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ከፈተናው በፊት ቢጋሩን አምጣ ብሎታል፤ ጥያቄዎቹ በየምዕራፉና በየደረጃው እንዴት እንደሚከፋፈሉ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ። በአንድ በኩል ምዕራፎቹ ይደረደራሉ። በሌላ በኩል የአስተሳሰብ ደረጃዎቹ፦ ማስታወስ 30 በመቶ፣ መረዳት 30፣ መተግበር 25፣ መተንተን 15። ቆጪ ካልኩሌተሩን ይዞ ተቀመጠ። የየምዕራፉን ክፍለ ጊዜ ለ42 አካፍሎ ሲያጠጋጋ 19፣ 36፣ 29 እና 17 በመቶ ወጣለት። ሲደምረው 101 ሆነ። ወደ ምርጫ ጥያቄ ሲቀይረው ደግሞ 6፣ 11፣ 9 እና 5 መጣ፤ ይህም 31 ነው። አንዷን ትርፍ ከየት ልቀንስ ብሎ ጠየቀ። ሌላም ራስ ምታት አለበት። ከአየር ንብረት 11 ጥያቄዎች ላይ 15 በመቶውን ለመተንተን ሲያወጣ 1.65 ጥያቄ ይደርሰዋል። ነጥብ ስድሳ አምስት ጥያቄ እንዴት ተደርጎ እንደሚጻፍ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ ብሎ ዘጋ።

1ኛ መልስ የመጣው «ፈረንጅ አራዳ» ከምትባል መምህርት ነው። ጨዋ ሰው ናት፣ በሰላምታ ጀመረች። ማጠጋጋቱን አቁምና መጀመሪያ ሙሉ ቁጥሮቹን ብቻ ያዝ አለችው። ማካፈሉ የሰጠው 5.71፣ 10.71፣ 8.57 እና 5 ነው። ሙሉ ቁጥሮቹ 5፣ 10፣ 8 እና 5 ሲሆኑ ድምራቸው 28 ነው። የቀሩት ሁለት ጥያቄዎች ትልቅ ቅሪት ላላቸው ይሰጣሉ። 0.71 ከ0.57 ስለሚበልጥ ለመሬት ገጽታና ለአየር ንብረት አንድ አንድ ይደርሳቸዋል። የተፈጥሮ ሀብት በ8 ይቀራል። 30 ሞላ። ቆጪ አመስግኖ ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎት ነበር።

2ኛዋ እናት ናቸው። ፈተናው ሊወጣ መሆኑን ሲሰሙ ጥያቄውን በሌላ ተረዱት። ልጃቸው አሥረኛ ክፍል ስለሆነች የትኛው ምዕራፍ በብዛት እንደሚመጣ ቢነገራት ሌሊቱን እሱን ታጠናለች አሉ። ቆጪ እሳቸው የጠሩት ትምህርት ቤት አስተማሪ እንዳልሆነ በትህትና ነገራቸው። ግን እኮ የጠየቁት ክፉ ነገር አይደለም። የምዕራፍ ክብደት ለተማሪ ቢነገር ምን ይጎዳል? ምስጢር መሆን ያለበት ጥያቄው ነው። ይህን ክሩ ላይ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ እኔ ከዳር ሆኜ ነው የምለው።

3ኛው ላይ «ጂረን» ገቡ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው፤ ሲጽፉም አጭር ነው። ሁለቱ የጽሑፍ ጥያቄዎች የት ገቡ? ብለው ብቻ ጠየቁ።

ቆጪ በ4ኛው መለሰ። ሁለቱም ከአየር ንብረት ናቸው፤ የሙቀትና የዝናብ መረጃ ለጽሑፍ ጥያቄ ስለሚመች። በቢጋሩ ላይ ግን አልቆጠራቸውም፤ እሱ የቆጠረው ምርጫውን ነው።

5ኛው የጂረን መልስ የክሩ ዋልታ ነው ብዬ አምናለሁ። ጋሼ ጂረን የሠሩት ቀላል ድምር ነው። ከአየር ንብረት 11 ምርጫ፣ 11 ማርክ። ሁለቱ የጽሑፍ ጥያቄዎች 10 ማርክ። በአጠቃላይ 21 ከ40። ከክፍለ ጊዜው ሲሶ የሚሆነውን የወሰደ ምዕራፍ ከማርኩ ግማሽ በላይ ዋጠ። ተማሪው የሚያልፈውም የሚወድቀውም በማርክ ነው፤ በጥያቄ ብዛት አይደለም። ስለዚህ ቢጋሩ መቆጠር ያለበት በማርክ ነው አሉ። ከዚያ ራሳቸው ቆጠሩት። 40 ማርክ በክፍለ ጊዜው ሲከፋፈል ለመሬት ገጽታ 8፣ ለአየር ንብረት 14፣ ለተፈጥሮ ሀብት 11፣ ለሕዝብ 7 ይደርሳል። በዚህኛው ማጠጋጋቱ ራሱ ልክ 40 ይሰጣል። አንዱን የጽሑፍ ጥያቄ አየር ንብረት ላይ ተወው፣ ሌላውን ወደ ተፈጥሮ ሀብት አዙረው አሉት። ያኔ ምርጫው 8፣ 9፣ 6 እና 7 ይሆናል። ደምሩት፣ 30 ነው። የቆጪ ትርፍ ጥያቄም አብራ ጠፋች።

6ኛው ላይ አየሩ ተቀየረ። አንድ ሰው፣ መለያው ቁጥር ብቻ የሆነ፣ ይህ ሁሉ ድካም ለማን ነው ብሎ መጣ። እሱ በሚያስተምርበት ቦታ ፈተናው መጀመሪያ ይወጣል፤ ከዓመት በፊት የነበረውን ቀላቅሎ። ቢጋሩ የሚሞላው ፈተናው ከተባዛ በኋላ ነው። ጥያቄዎቹን አይቶ በቁጥር ልክ ሳጥኑ ውስጥ ይበትናል፣ ይፈርማል፣ ፋይል ይሆናል። የሚያነበው የለም። ኃላፊው የሚያየው ፊርማው መኖሩን ነው አለ።

7ኛው «ሂርማታ» ነው። ራሱ ዲፓርትመንት ኃላፊ ስለሆነ ተቆጣ። የራስህን ስንፍና በኃላፊ ላይ አታላክክ አለው። ያለ ቢጋር ፈተና ሲመጣለት ይመልሳል። ባለፈው ዓመት አንድ ፈተና የመለሰው 12 ጥያቄ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ስለወጣበት ነው፤ መምህሩ የሚወደው ምዕራፍ ስለነበረ። ባለቁጥሩ ሰውዬ ዝም አላለም። አንተ የምትመልሰው ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጥያቄ ምን እንደሆነ አንብበህ ታውቃለህ ወይ ብሎ አፋጠጠው። ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ እሱን ልዝለለው። ግን የመጨረሻዋ ጥያቄው ውሃ የምታነሳ ነች። ሂርማታ ቀጥተኛ መልስ አልሰጣትም።

8ኛው የአጋሮ መምህር ነው። ትልቅ በራስ መተማመን አለው። ደረጃ ማለት ክብደት ነው አለ፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ቀላሉ ማስታወስ ነው፣ ከባዱ መተንተን ነው፣ መካከለኛው የቀረው ነው። ለመለየት ደግሞ ግሥ ይበቃል። ጥያቄው ጥቀስ ካለ ማስታወስ፣ አብራራ ካለ መረዳት፣ ተንትን ካለ መተንተን። የግሦቹን ዝርዝር ስታፍ ክፍላቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል። ግማሹ ልክ ነው፤ ዝርዝሩ ለጀማሪ መነሻ ይሆናል። ሌላው ግማሽ ግን ብዙ ሰው ይዞ የሚዞረው ስህተት ነው።

ጂረን በ9ኛው ያዙት። ደረጃዎቹ ከትምህርት ተመራማሪው ብሉም የ1956 እ.ኤ.አ. ሥራ የመጡ ናቸው፣ በ2001 እ.ኤ.አ. ተከልሰዋል፤ ግን የሚለዩት ተማሪው ጥያቄውን ለመመለስ በጭንቅላቱ የሚሠራውን ሥራ ነው እንጂ ምን ያህሉ ተማሪ እንደሚሳሳት አይደለም አሉ። ምሳሌ አመጡ። የራስ ዳሸን ከፍታ ስንት ሜትር ነው ብትል ጥያቄው ማስታወስ ነው። ክፍሉ ውስጥ የሚመልሰው ግን ጥቂት ነው። በተቃራኒው የአንድ ቦታ ከፍታና ሙቀት ተሰጥቶ የሌላውን አስሉ የሚለው መተግበር ነው፤ ዘዴውን ለያዘ ሰው ግን ውሃ መጠጣት ነው። አንዱ ከባድ ማስታወስ፣ ሌላው ቀላል መተግበር።

10ኛ፣ 11ኛና 12ኛ መልሶች ከራስ ዳሸን አልወረዱም። አንዱ 4,620 ሜትር ብሎ ተምሯል፣ ያንን ይዞ 20 ዓመት አስተምሯል። ሌላው ደግሞ አዲሱ ልኬት ወደ 4,550 ገደማ ነው አለ። ሦስተኛው ስሙም ራስ ደጀን ነው እንጂ ብሎ ሌላ በር ከፈተ። ፈረንጅ አራዳ ገብታ እንግዲህ ለዚህ ነው ይህን ጥያቄ ከፈተና ያወጣሁት አለች። መምህራኑ ራሳቸው ያልተስማሙበትን ቁጥር ከተማሪ መጠየቅ የሚለካው የየትኛው መጽሐፍ ልጅ እንደሆነ ነው። ሳቁባት፣ ግን ተቀበሏት።

13ኛው ላይ ቆጪ ወደ ነጥብ ስድሳ አምስቱ ጥያቄው መለሳቸው። በማርክ ቢቆጥረውም ችግሩ አልሄደም፤ አየር ንብረት 14 ማርክ ሲሆን 15 በመቶው 2.1 ነው፣ ሕዝብ 7 ሲሆን 1.05። በየሳጥኑ ነጥብ ያለው ቁጥር ሞልቶበታል።

14ኛውን ጂረን በሰፊው ጻፉት። ጠርዙ ላይ ያለው ድምር ውስጡን አይወስንም አሉ። በቀኝ ያሉት የምዕራፍ ድምሮች 8፣ 14፣ 11፣ 7 ናቸው፤ ከታች ያሉት የደረጃ ድምሮች ከ40 ማርክ 12፣ 12፣ 10 እና 6። እነዚህ መጠበቅ አለባቸው። ውስጥ ያሉትን ሳጥኖች ግን በማባዛት አትሙላ፤ እያንዳንዱ ምዕራፍ ከሁሉም ደረጃ በእኩል መጠን እንዲጠየቅ ያዘዘ ማንም የለም። የምትሞላው የምዕራፉን የመማር ብቃቶች አንብበህ ነው። የመሬት ገጽታ ምዕራፍ በአብዛኛው ማወቅና መረዳት ነው የሚጠይቀው፤ መተንተን ላይ ዜሮ ቢሆን አትፍራ። አየር ንብረት መረጃ ያለው ምዕራፍ ነው፤ መተንተኑን እዚያ አብዛው። እሳቸው የሞሉትን እኔ እንዲህ አስቀምጬዋለሁ፦

| ምዕራፍ | ማስታወስ | መረዳት | መተግበር | መተንተን | ድምር |
|---|---|---|---|---|---|
| የመሬት ገጽታ | 4 | 3 | 1 | 0 | 8 |
| የአየር ንብረት | 2 | 4 | 3 | 5 | 14 |
| የተፈጥሮ ሀብት | 3 | 3 | 5 | 0 | 11 |
| ሕዝብ | 3 | 2 | 1 | 1 | 7 |
| ድምር | 12 | 12 | 10 | 6 | 40 |

አየር ንብረት ላይ ያለችው 5 የጽሑፍ ጥያቄዋ ናት። ተፈጥሮ ሀብት ላይ ያለችው 5 ደግሞ ሌላኛዋ፤ የተለያየ ተዳፋት ያላቸው ማሳዎች ንድፍ ተሰጥቶ ለየትኛው ምን ዓይነት የአፈር ጥበቃ እንደሚስማማ መምረጥ።

15ኛዋ ሕዝብ የሚባለው ምዕራፍ ተበደለ ያለች መምህርት ናት። ስሌት ያለው እዚያ ነው እኮ አለች። የሕዝብ ጥግግት፣ የልደትና የሞት ምጣኔ፣ ሕዝቡ በስንት ዓመት እጥፍ ይሆናል የሚለው። በዓመት 2.5 በመቶ የሚያድግ ሕዝብ 70 ለ2.5 ሲካፈል በ28 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ይህ ንጹሕ መተግበር ነው፤ እና ለዚህ ሁሉ አንድ ማርክ? ጂረን ወዲያው ተቀበሏት። ሕዝብ ላይ ከማስታወስ አንድ ነስተው ወደ መተግበር ጨመሩ፤ ድምሩ እንዳይናጋ ደግሞ አየር ንብረት ላይ ከመተግበር አንድ ወደ ማስታወስ መለሱ። የታችኛው ድምር ሳይነካ ቀረ። ይህን ያዩት ብዙ ሰዎች ቢጋር በእርሳስ የሚሠራ ነገር መሆኑ የገባቸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

16ኛው መልስ፣ የፈረንጅ አራዳ፣ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሳጥኑ ሞላ፣ እሺ፣ አሁን ጥያቄው በእርግጥ መተንተን መሆኑን እንዴት ታውቃላችሁ አለች። አጋሮ የለጠፈውን የግሥ ዝርዝር አነሳች። የምዕራቡ ደጋ በክረምት ለምን ብዙ ዝናብ እንደሚያገኝ ተንትን የሚል ጥያቄ በግሡ መተንተን ነው። ነገር ግን መምህሩ ምክንያቱን ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ተማሪው ደብተሩ ላይ ገልብጦ፣ ለፈተና በቃሉ ከያዘው፣ ያ ማስታወስ ነው። ደረጃው ያለው ጥያቄው ላይ ብቻ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ምን ተሠርቷል የሚለው ላይም ነው። የከፍታና የሙቀቱ ስሌትም እንደዚሁ። 1,700 ሜትር ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ቦታ አለ፤ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ከቀነሰ 2,700 ሜትር ላይ ስንት ይሆናል? 13.5። መተግበር ነው። ነገር ግን እነዚሁ ቁጥሮች የክፍል ምሳሌ ሆነው ካለፉ ተማሪው 13.5ን ያስታውሳል እንጂ አያሰላም።

ስለዚህ ለአየር ንብረቱ የጽሑፍ ጥያቄ እሷ የምታወጣው እንዲህ ነው። ስማቸው ያልተጻፈ ሁለት ጣቢያዎች፣ ሀ እና ለ። የ12 ወር የዝናብ መጠናቸው በሠንጠረዥ ይሰጣል። ጣቢያ ሀ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘንብበታል፣ በክረምት ወራት ይበረታል። ጣቢያ ለ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንብበታል፣ ክረምቱን ደርቆ ያልፋል፣ ከመስከረም በኋላ እንደገና ይዘንባል። ተማሪው የትኛው በደቡብ ምዕራብ፣ የትኛው በደቡብ ምሥራቅ ቆላ እንደሚገኝ ለይቶ ምክንያቱን ከነፋሱ አቅጣጫ ጋር ያያይዛል። በክፍል የተሰጡት ሠንጠረዦች ሌሎች መሆን አለባቸው።

17ኛው አንድ የጅማ ልጅ ነው፤ መምህር ሳይሆን ተማሪ ይመስላል። ጣቢያ ሀ እኮ ጅማ ነው አለ። ጅማ ያደገ ልጅ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት መዝነቡን ለማወቅ ሠንጠረዥ አያስፈልገውም፣ በየዓመቱ ይበሰብስበታል። ፈረንጅ አራዳ ሳቀች፤ ከዚያ ግን በቁም ነገር ወሰደችው። እውነቱን ነው። እዚህ ከተማ ውስጥ የጣቢያ ሀ ግማሽ መልስ በኑሮ የታወቀ ነው። መለየቱን ሳይሆን ምክንያቱን ማስከበድ አለብኝ አለች፤ ለ በክረምት ለምን ይደርቃል የሚለውን። ያንን የሚያውቀው ከደጁ አይደለም። የሕንድ ውቅያኖስ ነፋስ በዚያ ወቅት እንዴት እንደሚያልፍ አስቦ ነው። ይህን ጥያቄ ለጅማ ተማሪ ያወጣ ሰው ለጎዴ ተማሪ ቢሰጠው ሁለተኛው ግማሽ ቀላል ሊሆን ነው ማለት ነው። ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው ያስገርማል።

18ኛው ስለ ቋንቋ ነው፤ አጭር ግን የሚያም። ጂኦግራፊ በእንግሊዝኛ ነው የሚፈተነው። መግቢያው አምስት መስመር የሆነ የምርጫ ጥያቄ መተንተን ተብሎ ተመድቦ እያለ ልጁ የሚወድቀው ዓረፍተ ነገሩ ላይ ነው። ምክሩ መተንተኑን ሠንጠረዡና ካርታው ይሸከሙት፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር ይሁን የሚል ነው። ማንም አልተቃወመም፤ ማንም ግን አልቀጠለበትም።

19ኛው የአጋሮው መምህር ነው፤ ተመልሶ መጣ። እሺ፣ ግሥ ካልሆነ በምን ልለይ? ብሎ ጠየቀ፤ አሁን ድምፁ ለዘብ ብሏል። ሂርማታ ነው የመለሰለት፣ በ20ኛው። ጥያቄዎቹን ያለ ደረጃቸው ለሌላ የጂኦግራፊ መምህር ስጠውና እሱ በራሱ ይመድባቸው። ከዚያ አስተያዩ። ያልተስማማችሁባቸው ላይ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያለያየው አንዱ ክፍል ውስጥ የሰጠውን ኖት ሌላው ያለማወቁ ነው። ከእርማት በኋላም ውጤቱን ተመልከት። መተንተን ያልከውን ጥያቄ ደካማውም ጎበዙም ተማሪ በእኩል ከመለሰው ጠርጥር፤ ወይ ደብተር ላይ አለ፣ ወይ ሌሎቹ ምርጫዎች ከሩቁ ስህተት መሆናቸው ያስታውቃል። ይህ ግን ጥርጣሬ ነው፣ ማስረጃ አይደለም፤ በደንብ የተማረ ክፍል መተንተንም በጅምላ ይመልሳል። ባለቁጥሩ ሰውዬ እዚህ ላይ ብቅ ብሎ ይህን ከሠራህ አንብበሃል ማለት ነው ብሎ ጻፈለት። እርቅ ነበር ብዬ ወስጃለሁ።

21ኛው ከስረ መሠረቱ የሚነቀንቅ ጥያቄ ይዞ መጣ። 15 ክፍለ ጊዜ ያልከው የዕቅዱ ነው ወይስ ያስተማርከው? ቆጪ ሐቁን ተናገረ። አኑዋል ፕላኑ ላይ ሕዝብ 7 ነው፤ የአየር ንብረቱ እየተራዘመ የሕዝቡን ሰዓት ስለበላበት በእርግጥ ያስተማረው 4 ክፍለ ጊዜ ነው። የቀረውን ኖት አባዝቶ ሰጥቷል። እዚህ ላይ ሰው ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ ተማሪው ያልተማረውን በ7 ማርክ መጠየቅ ግፍ ነው አለ። ገሚሱ ደግሞ ፈተናው ለስድስት ሴክሽን የጋራ ነው፣ ሌሎቹ መምህራን 7ቱንም አስተምረዋል፣ በአንተ ሰዓት ልክ ቢጋር ከተሠራ የነሱ ልጆች ይጎዳሉ አለ። ጂረን ለጋራ ፈተና ዕቅዱን ያዝ፣ ግን ፈተናው ሳይደርስ መምህራኑ ተሰብስበው ማንም ያልደረሰበትን ንዑስ ርዕስ ያውጡት አሉ። ለሁለት ቀን ተከራከሩበት፤ አልተቋጨም። እኔም ከማን ጋር እንደምስማማ ገና አልወሰንኩም።

22ኛው ትንሽ ቆይቶ የገባ ነው፤ ሰንጠረዡን በጥሞና ያየ ሰው። የጽሑፍ ጥያቄዋ 5 ማርክ ሁሉ መተንተን ላይ ተጽፏል አለ። እንዴት ነው የምትታረመው? ፈረንጅ አራዳ የእርማት መመሪያዋን አስቀድማ ሠርታው ስለነበር ነገረችው፦ ሁለቱን ጣቢያዎች ከሠንጠረዡ አንብቦ ለገለጸ 2 ማርክ፣ ምክንያቱን ላያያዘ 3። እንግዲያው አለ ሰውዬው፣ ሁለቱ ማርክ መረዳት ነው። መተንተን የሚባለው 3 ብቻ ነው። ሕዝብ ላይ ካለችው አንዷ ጋር 4 ሆነ። 4 ከ40 ደግሞ 10 በመቶ ነው፤ ኃላፊው የጠየቀው 15 ነው።

የተናገረው ልክ ስለሆነ የሚመልስለት ጠፋ። አጋሮ የእርማት መመሪያውን ቀይራችሁ 5ቱንም ለምክንያቱ ስጡ አለ። ፈረንጅ አራዳ እምቢ አለች፤ ሠንጠረዡን በትክክል ያነበበ ልጅ ዜሮ ይዞ አይወጣም። ጂረን ከምርጫዎቹ ሁለቱን ከመረዳት ወደ መተንተን ማሳደግ ይቻላል፣ ግን ሁለት ጥሩ የመተንተን ምርጫ ማውጣት አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል አሉ። ሂርማታ ደግሞ በኃላፊነቱ ሲናገር፣ በውሸት 15 ከሚጻፍልኝ በእውነት 10 ቢጻፍ እመርጣለሁ፣ ሁሉም ኃላፊ ግን እንደዚያ አይልም ብሎ ሳቀ።

ቆጪ በ23ኛው 10 በመቶ ብሎ እንደሚያስገባና ከጎኑ የእርማት መመሪያውን እንደሚያያይዝ ጻፈ። ኃላፊው ከመለሰበት ሁለቱን ምርጫ ቁጭ ብሎ ያወጣል። 24ኛው ላይ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል መምህርት የካርታ ንባብ የተግባር ፈተናን በዚህ ቢጋር ውስጥ እንዴት እንደምታስገባ ጠይቃለች። እስካሁን የመለሰላት የለም።